«ሰው የሳሳበት» የተባለው ሰፈራችን

አማካይ የሚባል ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አቦ፣ ይፈላል! ሰዎች ስለ አንድ ተራ የሂሳብ ቃል ለምን እንደምበሽቅ አይገባቸውም። የእህቴን ነገር ስለማያውቁ ነው።

ታላቅ እህቴ ናት ያሳደገችኝ። ድሬ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ በሯ ላይ ባለች ጠባብ በረንዳ ሳምቡሳ እየጠበሰች አስተማረችኝ፤ እኔም ተምሬ ከተማው ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ካርታ ሠሪ ሆንኩ። ሰፈራችን ግን ውሃ አልነበረውም። ውሃ የሚቀዳበት የሕዝብ ቧንቧ፣ ቦኖው፣ ከደቻቱ ማዶ ነው። ድልድዩ ጀሪካን ለተሸከመ ሰው ሩቅ ስለሆነ፣ እሷም ጎረቤቶቿም በአሸዋው ያቋርጣሉ። ደቻቱን የማያውቅ ሰው «ደረቅ ወንዝ ምን ያስፈራል?» ይላል። ዝናቡ የግድ እኛ ላይ መዝነብ የለበትማ! ደጋው ላይ ይዘንባል፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፉ እያጓራ ይመጣል። አንድ ክረምት እህቴ ጀሪካኗን ጥላ ሮጣ ነው የወጣችው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ ሳምቡሳ መጠቅለል ጀመረች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አዲስ ቦኖዎች ሊተከሉ መሆኑን መሥሪያ ቤት ስሰማ «በቃ፣ ተገላገልን» አልኩ። ደንቡ «ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ይቅደም» የሚል ነበር። ጥሩ ደንብ ነው፤ ካርታውንም የምሠራው እኔ ነኝ። ጥግግት ማለት የሰውን ብዛት ለመሬቱ ስፋት ማካፈል ነው፤ ሕፃን ልጅም ይሠራዋል። ተንኮሉ ያለው «የትኛው መሬት?» የሚለው ላይ ነው። የቀበሌያችን ወሰን የደቻቱን አሸዋ፣ የድሮውን የባቡር ግቢና ከጀርባችን ያለውን ራቁቱን የቆመ ድንጋያማ ኮረብታ ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል። ሰዉ ለዚህ ሁሉ ሲካፈል፣ ሰው በበዛበት በሚጠቁረው ካርታ ላይ ሰፈራችን ነጣ ብሎ ወጣ። ከከተማው ዳር ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ግን ወሰናቸው ከአጥራቸው ጋር ልክክ ያለ ስለሆነ ጠቁረው ወጡ። እነሱ ቧንቧቸው ቤታቸው ውስጥ ነው!

ሥራውን የሚገመግሙት ባለሙያ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ካርታውን አይተው «ይሄ ሰፈር ሰው የሳሳበት ነው» አሉኝ።

«አሸዋ ላይ ማን ይኖራል? አሸዋውንና ኮረብታውን አውጥተን እናካፍል» አልኳቸው።

«ሁሉም ደስ ያላለውን መሬት እየቆረጠ ካወጣ ሰፈርን ከሰፈር በምን እናወዳድራለን?»

እውነት አላቸው፤ እሱም ይበልጥ አናደደኝ። «እንግዲያው ለሁሉም በአንድ ደንብ እንቁረጥ፤ ሰው ሊኖርበት የማይችል መሬት ከየሰፈሩ ይውጣ» ብዬ ድርቅ አልኩ።

እሳቸው ግን ገጠሩንም ከተማውንም የያዘውን ትልቁን ካርታ ዘረጉ። «እይ፣ ከተማዋ ጠብታ ናት። ዙሪያው ሁሉ ባዶ ነው። በአማካይ ሲታይ እኮ አልተጨናነቃችሁም!»

ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። «ባዶ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ፤ ቢሮው ሁሉ ዞረ። ሰው እዚህ የተከመረው አብዶ ነው እንዴ? ከመሬት ሥር ውሃ ስላለ፣ ባቡር ስለመጣ፣ የቀፊራ ገበያ ስላለ፣ ተሸክሞም ሸጦም ማደር ስለሚቻል ነው። እዚያ ቆላው ላይ ዝናቡ ትንሽ ነው፣ አፈሩ አያበቅልም፤ ግመልና ፍየል የሚያረባ ሰው አንድ ቤተሰብ ለማኖር ሰፊ ግጦሽ ያስፈልገዋል። ሲደርቅ ወደ ውሃ ይሄዳል፣ ሲዘንብ ይመለሳል። መሬቱ ጥቂት ሰው የያዘው መሸከም የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ነው እንጂ ባለቤት አጥቶ አይደለም። የእሱን ስፋትና የኛን ጥበት ደባልቆ አንድ ቁጥር ማውጣት ለሁለታችንም ውሸት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው «እሺ፣ ሄደን እንየው፤ ነገ ስምንት ሰዓት» አሉ።

ስምንት ሰዓት! ድሬ በዚያ ሙቀት ማን ውጭ ይገኛል? ምሳ ተበልቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ጋደም ያለበት ሰዓት ነው። ቢሮው ራሱ ይዘጋል። ብለምናቸው፣ ብለምናቸው፣ አልሰሙኝም። በማግስቱ ሰፈራችን ስንገባ ጥላ ሥር ከተኛች አንዲት ፍየል በቀር ነፍስ ያለው ነገር አይታይም። «ይኸው፣ ጭር ያለ ነው» ብለው ፈገግ ሲሉ ወላሂ አንገታቸውን ማነቅ አማረኝ።

የእህቴን በር በጡጫ ደበደብኩት። «ምን ጉድ ነው? ሰው አይተኛም እንዴ?» እያለች ከፈተች። ከኋላዋ ወለሉ ሙሉ ሰው ነው፦ ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ተከራዮቹ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው። ባለሙያው እግራቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ደፉ ላይ ቀሩ። እህቴ እንደ ድሬ ልጅ አንቱታ አታውቅም፤ «ግባ እንጂ አንተ! ቦታ ካገኘህ አንተም ጋደም በል» አለቻቸው። ቀጣዩን በር አንኳኳሁ፣ ከዚያም ሌላውን። ሁሉም ቤት ያው ነው። ባለሙያው የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ።

ሲመለሱ ግን ሠሩት፤ ለሁሉም ሰፈር፣ በአንድ ደንብ፣ ሰው የሚኖርበት መሬት ብቻ ተለካ። ሰፈራችን ከሁሉም ጠቁሮ ወጣ። ቦኖው ተፈቀደ። የዚያን ቀን እህቴ ሳምቡሳውን በነጻ አደለች።

ከዚያ ቦኖውን የሚተክሉት መጡ። ሜትራቸውን ዘረጉ፣ ጠቀለሉ፣ እንደገና ዘረጉ። ቦኖው መቆሚያ፣ ፍሳሹ መውረጃ፣ ወረፋው መሰለፊያ ይፈልጋል። ቦታ የለም። «ደቻቱ ዳር እናድርገው» አሉ፤ ጎርፍ ሊወስደው! «ኮረብታው ላይስ?» ውሃው እዚያ ድረስ የሚወጣበት ግፊት የለውም። በመጨረሻ «ሰፈሩ ቦታ ካላቀረበ ለተከታዩ ሰፈር ይተላለፋል» ተባልን።

ያን ጊዜ ጨርቄን ልጥል ደረስኩ። «ባዶ ናችሁ ብላችሁ ከለከላችሁን፤ አሁን ደግሞ ሞልታችኋል ብላችሁ ልትከለክሉን?» ብዬ ሠራተኞቹ ላይ ጮህኩ። ምን ያድርጉ፤ እነሱ ሜትር ያዦች ናቸው። የሰፈሩ ሰው ከቦን ቆመ። ሁሉም ግድግዳው ከሌላው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነውና ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

እህቴ ወደ በረንዳዋ ሄደች። መጥበሻውን ከምድጃው አወረደች፣ ዘይቱን ወደ ጀሪካን ገለበጠች፣ አግዳሚ ወንበሯን ግድግዳው ላይ አስጠጋች። «ለካው» አለችው ሜትር የያዘውን ልጅ። በረንዳዋ ለቦኖው ልክ ሆነ።

«አብደሻል? ምን ልትበዪ ነው?» ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

«ልቀቀኝ። የሰውን ልጅ ጎርፍ ከሚበላው እኔ ጦሜን ልደር።»

ቦኖው ተተክሎ ውሃ የፈሰሰ ቀን ሰው እልል አለ፤ ወረፋው እስከ መንገዱ ደረሰ። እህቴ ጀሪካኗን የሞላችው ከሁሉም በፊት ነው፤ ያስቀደሟት ጎረቤቶቿ ናቸው። ቤት ገብታ ዱቄቱን በዚያ ውሃ አቦካች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያም ሰው የሞላበትን ክፍል፣ መጋረጃውን፣ ውጭ የተሰለፈውን ሰው ዞር ዞር ብላ አየች።

«ውሃውስ መጣ» አለችኝ። «አሁን የት ቆሜ ልጥበሰው?»