ዋርሳዬ ያወጡት የዕቃ ዝርዝር

አማቴ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ ወልቂጤ ያለው ቤታችን ላይ ሁለት ክፍል ልንቀጥል ወሰንን። ባለቤቴ ታላቅ ወንድሙን ከቡታጅራ አስመጣ። ዋርሳዬ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ፣ የእጃቸው ሥራ የሚወደስላቸው ሰው ናቸው። ግቢውን በእርምጃ ለክተው፣ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ብሎኬቱንና ፌሮውን በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝረው ሰጡን።

ወረቀቱን ሳነበው ይበቃል ብዬ አላመንኩም። በጋ በመጣ ቁጥር የግቢያችን መሬት ጣት እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የሳሎናችንም ግድግዳ በአንድ ጥግ ተተርትሯል። ለባለቤቴ ብነግረው፣ «ወንድሜን ልታስተምሪው ነው?» አለኝ።

በማግስቱ ዝርዝሩን ይዤ አንድ መሐንዲስ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ሥራ ቦታ ወጥተው ነበርና እዚያው ተቀምጬ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። «ይህ ዝርዝር ለሁለት ክፍል ቅጥያ ይበቃ እንደሆነ፣ የጎደለም ካለ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። መሬታችን ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ግንበኛው ዘመዳችን ስለሆኑ ነገሩ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር።» ዝርዝሩን አያይዤ፣ የቤታችንን አድራሻና ስልኬን ጽፌ ለጸሐፊዋ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሐንዲሱ ሳይደውሉ መጡ። ዋርሳዬ የመሠረቱን ቦይ እያስቆፈሩ ነበር። መሐንዲሱ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ፤ ዋርሳዬ የገዛ ጽሑፋቸውን አይተው ቀና አሉ። እኔ መግቢያ አጣሁ።

«ብሎኬቱ ልክ ነው፤ ሲሚንቶውም ለግድግዳው ይበቃል» አሉ መሐንዲሱ። «ከመሬት በታች ግን ምንም የለም። የመሠረት ፌሮ የለም፤ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በቦታው የሚሞላው ገረጋንቲም አልተጻፈም።»

«እኔ ስንት ቤት ሠርቻለሁ!» አሉ ዋርሳዬ። «አንዱም አልተሰነጠቀም።»

«የት ነው የሠሩት?»

«ቡታጅራ።»

«የሠሩበት መሬት ድንጋያማ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እዚያ ዝርዝርዎ ትክክል ነበር።»

ዋርሳዬ ቦዩ ውስጥ ወርደው አንድ ጓል አነሱ፤ በጣታቸው ሲጫኑት እንደ ሊጥ ተለጠፈባቸው። አፈሩን ጥለው እጃቸውን ታጠቡና ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባለቤቴ ያን ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። አማቴ ከአልጋቸው ሆነው «ልጄ ለምን ሄደ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ሰኞ ዋርሳዬ ተመለሱ። መሐንዲሱ ባወጡት ሥዕል መሠረት ጥቁሩን አፈር አስወጥተው፣ ገረጋንቲውን በየደረጃው አስጠቅጥቀው፣ ፌሮውን ራሳቸው አሰሩ። የመሠረቱ ወጪ ስለበዛ ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ትተን አንድ ብቻ ሠራን። አማቴ ገቡበት።

በመጨረሻው ቀን ዋርሳዬ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ማስመርመርሽ አላስከፋኝም» አሉ ሳያዩኝ። «ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ዝርዝሩን እኔው ራሴ ለመሐንዲሱ እወስድልሽ ነበር።»

ቦርሳቸውን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ፣ ራሳቸው አንስተው ወጡ።