አክስቴ የሌሉበት መጽሐፍ

ስለ ቤተሰቤ ስደት ልጽፍ ስነሳ መጀመሪያ ያስቸገረኝ የዓመታቱ ነገር ነው። ከመንዝ ወደ መርሐቤቴ የወረድንበትን ዓመት እናቴ አንድ ትላለች፣ ታላቅ ወንድሜ ሌላ ይላል፤ እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩና ልዳኛቸው አልችልም። ስለዚህ ዘመኑን ትቼ መጽሐፉን በቤት ከፋፈልኩት። መጀመሪያ መንዝ ውስጥ ሞላሌ አጠገብ ያለው የድንጋይ ቤታችን፣ ቀጥሎ መርሐቤቴ ወርደን ዓለም ከተማ የተከራየናት አንዲት ክፍል፣ ከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚገባበት የቀበሌ ቤት፣ መጨረሻ ላይ አባቴ ራሱ ያቆመው ቤት። የኖርንበትን ቤት ማንም አይከራከርበትም። በብልጠቴ ያን ያህል መደሰቴን ሳስበው አሁን ያናድደኛል። በዚህ አከፋፈል አንዴ የወጡበት ቤት ተመልሶ አይገባበትም።

መክፈቻዬ አባቴ የድንጋዩን ቤት ቆልፎ ቁልፉን ኮቱ ኪስ ሲከት ነበር። ውርጭ ገብሱን ከመታው በኋላ፣ በጠዋት፣ አህያዋ ተጭና። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ያሉ ባልደረቦቼ አንብበው ወደዱት። እኔም ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

የሚገባውንና የሚቀረውን ለመለየት የራሴ ደንብ ነበረኝ። ሳልኖር የሆነውን ነገር ከማን እንደሰማሁት ሳልናገር አልጽፍም። ደጋግሞ የሆነውን ነገር አንዴ ብቻ እጽፈዋለሁ፤ አባቴ ወደ ላይ፣ ወደ መንዝ፣ ደጋግሞ ቢመላለስም በመጽሐፉ ውስጥ የሄደው አንድ ጊዜ ነው፣ የሁሉንም መንገድ ድካም በዚያ አንድ መንገድ ላይ ጫንኩት። አንባቢ እንዳይሰለች ይህ የግድ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ከመንዝ ይላክልን የነበረውንም የገብስ ጆንያ በዚሁ ደንብ አጠፍኩትና «እህል ከላይ ይመጣልን ነበር» የምትል አንዲት መስመር ሆኖ ቀረ። ማን አርሶ፣ ማን አጭዶ፣ ማን ጭኖ እንደሚልከው መስመሯ አትናገርም።

የሚልኩት የአባቴ እህት ነበሩ። እናቴን አንቺ እላለሁ፣ አክስቴን ግን እርስዎ፤ ርቄ ስላደግሁ እንደ እንግዳ ነው የማውቃቸው። ስለ እሳቸው ስጠይቃት እናቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«የእሷን ነገር ተይው። አባትሽ ሞቷል፤ መልስ መስጠት አይችልም።»

መልስ የሚያሻው ምን ነገር ኖሮ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። አክስቴ በየትኛውም ቤቴ ውስጥ አልገጥም ብለውኝ ነበርና እናቴ የከለከለችኝን ነገር በደስታ ተውኩት። ለእናቴ ያሰብኩላት መስሎኝም ነበር።

ጽሑፉ ሲያልቅ አክስቴን ለማክበር ያህል ላነብላቸው መኪና እየቀያየርኩ ወደ መንዝ ወጣሁ። ብርዱ እንደገባሁ አሳለኝ። አክስቴ የበግ ጠጉር ባና ደርበውልኝ፣ በሶ በጥብጠው ሰጡኝና ማዶዬ ተቀመጡ። ማንበብ አይችሉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ያዳምጡ ነበር። ቁልፉ ኪስ የገባበትን ስጨርስ ቀና አሉ።

«በሩንማ አልቆለፋችሁም» አሉኝ። «እኔ ውስጥ ነበርኩ።»

በሶው እጄ ላይ ቀረ። ይህን የማላውቀው ነገር አልነበረም። አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ቤት መኖራቸውንም አውቃለሁ፣ አባቴ በሩን መቆለፉንም «አውቃለሁ»፤ ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ቀን አልተገናኙም። ቁልፉ የተከራየናት ክፍል ቁልፍ ሳይሆን አይቀርም። የስደት መጽሐፍ በተዘጋ በር መጀመር አለበት ብዬ ከዓለም ከተማ ወደ ሞላሌ ያሻገርኩት እኔው ነኝ።

የቀረውን እሳቸው ነገሩኝ። ባለቤቱ ለቅቆ የሄደ መሬት ለሌላ ይሰጣል፤ ቤቱ ጭስ ካልታየበት ቀበሌው መሬቱን ይነጥቃል። ስለዚህ አንድ ሰው መቅረት ነበረበት። ያኔ አክስቴ የታጩ ነበሩ፣ ሰውየው የሚኖረው ከወንዝ ማዶ ነው። አባቴ ጠቅልሎ ተመልሶ ቤቱን እስኪረከባቸው ሠርጉን አቆዩት። ሰውየውም ጠበቀ፣ ጠበቀና ሌላ አገባ።

ብዕሬን ሳወጣ አዩኝ። ይህን እንዳትጽፊ አሉኝ። ሰውየው ቢሞትም ሚስቱ አለች፤ በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ፣ ተራው የእሷ ሲሆን ጠላውን አብረው ነው የሚጠምቁት። በስተርጅና ለምን ታዝን አሉ።

ተናደድኩ፤ በእሳቸው ግን አልነበረም። ለመጽሐፉ የሚያስፈልገኝ ዋናው ነገር እፊቴ ተቀምጦ ልነካው አልችልም። ቀድሜ መጥቼ፣ ምዕራፍ ሳልከፋፍል፣ ምን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ምናልባት ሌላ መንገድ እናገኝ ነበር። እኔ ግን አልቆ የተጠረዘ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ታዲያ ምን ልጻፍ አልኳቸው፤ ድምፄ የልመና ነበር።

«አባትሽ ሲወጣ ለፋሲካ እንመለሳለን አለኝ» አሉ። «ሙክት አስሬ ጠበቅኋችሁ። ጾሙን ሙሉ ገብስ አበላሁት። ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ፤ ሙክቱ እንደታሰረ ነበር። እሱን ጻፊው። ሌላውን ተይው።»

ዓለም ከተማ ተመልሼ ጽሑፉን አፈረስኩት። የምወደውን መክፈቻ ሰረዝኩ፤ አሁን በሩ ክፍት ነው፣ አክስቴ ደፍ ላይ ቆመዋል፣ አባቴ ስለ ፋሲካ ይናገራል። በየቤቱ ምዕራፍ መካከል ወደ ድንጋዩ ቤት የሚመለሱ አጫጭር ገጾች አስገባሁ። ጆንያዎቹን ፈታሁና ገብሱ በየምዕራፉ ይመጣል፣ ከላኪው ጋር። የታጩበትን ነገር አልነካሁም። እዚያ ቦታ ላይ መጽሐፉ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎነቱም የእኔ ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ከመጽሐፉ ሁሉ ደስ የሚለው ገጽ በኪራይ ክፍላችን ያሳለፍነው የመጀመሪያ ፋሲካ ነው። አባቴ የቅርጫ ሥጋ ይዞ ገባ፣ ወንድሜ አጥንት ሲግጥ እንቅልፍ ወሰደው፣ እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች። እናቴ ስትነግረኝ የኖረችውን ነው የጻፍኩት። አክስቴ የጠበቁን ያው ፋሲካ ነው። ሙክቱን ከዚያ ገጽ በፊት አስቀመጥኩት፤ በመካከላቸው ምንም አልጨመርኩም፣ አንድም የፍርድ ቃል የለም።

ለእናቴ ሁለቱን ገጾች አከታትዬ አነበብኩላት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«የእኛን ፋሲካ አውጪው» አለችኝ። «ቢያንስ ያን ያህል መሳቄን አውጪው።»

እናቴ የለመነችኝን ነገር ፊት ለፊት እምቢ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አላወጣሁትም። ስንበላ ደስ ብሎን ነበር።