የአባቴ የሕይወት ታሪክ ሦስተኛ ገጽ

አባቴ ባረፈ ዕለት እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በማግስቱ ቀብሩ ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስሟ ከነአባቷ ስም እንዲጠራ።

«አስታመመችው ይበሉልኝ፤ ሌላ አልልም» አለችኝ።

ስድስት ዓመት አስታማዋለች። አልጋ ላይ ያገላበጠችው፣ ያጎረሰችው፣ ያጠበችው እሷ ናት። ስለ ራሷ አንድ ነገር ስትለምን ሰምቼ ስለማላውቅ ማልቀሱን ትቼ ወደ ላፕቶፔ ሄድኩ።

ወንድሜ ሐዋሳ ስለነበር ሁለታችንም ከያለንበት ኢንተርኔት ላይ በሚሠራ መጻፊያ አብረን ጻፍነው። እኔ ስጽፍ እሱ ያርማል፣ እሱ ሲጽፍ እኔ እሰርዛለሁ። እንደ ደንቡ ስለ ቤተሰብ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ስለሆነ የእናታችንን አንቀጽ እዚያ አደረግነው። ልክ ሁለት ገጽ ወጣው፤ የአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ። በዚያ ሐዘን መሀል እንኳ ማማሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጠዋት ሀና ማርያም መንገድ ዳር ያለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ ወፍራም ሹራብ የደረበች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ፎቶና የዳር ሐረግ የሚገባበት ከሆነ በማይክሮሶፍት ወርድ አድርገሽ ላኪልኝ» አለች። «ፒዲኤፍ ከሆነ አልነካካውም።»

በወርድ አውርጄ በቴሌግራም ላክሁላት። ስትከፍተው የኛ ጽሑፍ አልመስል አለኝ። የመረጥነው ፊደል እሷ ኮምፒውተር ላይ የለም፤ ማሽኑ በራሱ ሌላ ተክቶበታል፣ ያውም ሰፋ ያለ። መስመሮቹ ተራርቀዋል። እኛ የጻፍንበት የወረቀት መጠንም ሌላ ኖሮ ወደ ኤ ፎር ስትቀይረው መስመሩ ሁሉ አጠረ። መሀል ለማስያዝ በክፍት ቦታ የገፋሁት ርእስ ወደ ጎን ሸሸ። ሁለቱ ገጽ ሦስት ሆኖ አረፈው።

«ምን አድርጌ ነው?» አልኳት።

«ምንም አላደረግሽም፤ ሁሌም እንዲህ ነው። አይዞሽ፣ እንሰበስበዋለን።»

ፊደሉን ቀየረች፣ የመስመሩን ርቀት አጠበበች፣ ህዳጉን ገፋች። ፊደሉን ከዚህ በላይ አናሳንሰው አልኳት፤ የሚያነበው አጎቴ ዓይኑ ደክሟል። እንደምንም ሁለት ገጽ ላይ ገባ። የእናቴ አንቀጽ ከታች ጥግ ላይ ተቀምጦ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ጸሐፊዋ ፎቶውን ከላይ አስገባች።

አባቴ አነሰብኝ። «ትንሽ ከፍ ይበል» አልኩ።

ከፍ አደረገችው። ሁለታችንም ፊቱን እያየን ነበር፤ ወደ ታች ወርዶ ያየ የለም። እዚያው ማተሚያውን አዘዘችና የሚታተመውን ገጽ «ከአንድ እስከ ሁለት» ብላ ሞላች። እኔ በእጄ የደረደርኳቸው ባዶ መስመሮች ከጽሑፉ መጨረሻ ስለነበሩ ባዶ ገጽ እንዳያወጣብን ነው። ወረቀቱ ሲወጣ ፎቶውን አየሁ፣ ስሙን አየሁ፣ ይዤ ሮጥኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ መልቀሚያ ጊዜም አልነበረኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጎቴ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ማይክሮፎኑን ጨበጠ። እኔ እናቴን ደግፌያለሁ። ልደቱን አነበበ፣ ትምህርቱን አነበበ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ጋራዥ የሠራባቸውን ዓመታት አነበበ። እናቴ ማልቀሷን አቆመች፤ እየጠበቀች ነው።

«…በጡረታ እስከተገለሉበት ጊዜ ድረስ በቅንነት አገልግለዋል» አለ አጎቴ። ቀጥሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑር።»

ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ የጎደለ ነገር እንዳለ ማንም አልጠረጠረም። የገባው ለእኔ ብቻ ነው፤ ፎቶው ሲተልቅ የእናቴ አንቀጽ ወደ ሦስተኛ ገጽ ወርዶ ሳይታተም ቀርቷል። ጽሑፉ እኮ ስልኬ ውስጥ ሳይጎድል አለ! በአንድ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ስዳብስ ካህናቱ ጸሎት ጀመሩ፤ ጸሎት ይቁምልኝ ብዬ አልጮህ ነገር። አስከሬኑ ተነሣ፤ ሰዉም እየገፋ ይዞን ሄደ።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስሜን ሲጠራ አልሰማሁትም። ለቅሶ በዝቶ ነው መሰለኝ።»

ጸሐፊዋም እኔም ወደ ታች ወርደን እንዳላየን ልንገራት? ፎቶው ከፍ ይበል ያልኩት እኔ መሆኔን? ፊደል፣ ህዳግ፣ ገጽ ብዬ ለሷ ምን ላስረዳ?

«ጠርቶሻል እማዬ» አልኳት።

«ከነአባቴ?»

«ከነአባትሽ።»

እጄን ያዘችና «ተባረኪ» አለችኝ።