ሰባቱ ፌሮዎች

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአገሬ በብልባላ የሰባት ፌሮ፣ የሰባት ዘንግ የግንባታ ብረት፣ ሌባ ነበርኩ። ያንን ስም የሰጠኝን ሰው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠላው ኖርኩ። አሁንም እጠላዋለሁ። ይህን የምጽፈው ይቅር ብዬ እንዳይመስላችሁ።

እሱ ፎርማን ነበር፣ እኔ ፌሮ ቆርጬ የማስር ፌራዮ። የምንሠራው ጤና ጣቢያ ሃያ ኮለን፣ የአርማታ ምሰሶ፣ ነበረው። ለእያንዳንዱ ኮለን ስምንት ባለ አሥራ ስድስት ሚሊ ፌሮ እናቆምና ከታች እስከ ላይ በሃያ አንድ ስታፋ እናስረዋለን። ስታፋ ከቀጭኑ ከባለ ስምንት ፌሮ የሚታጠፍ፣ ቋሚዎቹን ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ነው። ፎርማኑ ወረቀቱን አየና «ለስታፋው ሠላሳ አምስት ፌሮ ይበቃሃል» አለኝ። እኔ ባለቀብኝ ቁጥር ከመጋዘን እየፈረምኩ አርባ ሁለት አወጣሁ። ሁሉንም ቆርጬ፣ አጥፌ አሰርኩት። ስሌት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። የስታፋውን ርዝመት የምለካው ጠረጴዛዬ ላይ በተመታች ሚስማር ነው፤ ሚስማሯን የመታኋትም ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ባሳየኝ ልክ ነው።

አርማታው ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ፎርማኑ የመጋዘኑን መዝገብ አገላበጠ። ሰባቱ ፌሮ የት ገባ? ኮለኖቹ ውስጥ ነው ብል ማን ይሰማኛል? አርማታ ተከፍቶ አይታይ።

«የቤትህን በረት ሠርተህበታል» አለኝ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

ወደ ፖሊስ አልወሰደኝም፤ ቢወስደኝ ይሻለኝ ነበር። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስቦ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይማል አለ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ማልኩ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ባሰ። በእኛ አገር ሌባ ይናቃል እንጂ አይፈራም፤ በሐሰት የማለ ግን መቅሰፍቱ ለጎረቤትም ይተርፋል ይባላል። በእኔ ጽዋ የሚጠጣ ጠፋ። የጎረቤታችን በግ ሲሞት ሰዎች ወደ እኛ ቤት ያዩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አገሩን ለቅቄ ወጣሁ።

በሄድኩበት ከተማ ሥራዬን ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ። አንድ ምሽት መምህሩ የፌሮ ክብደት አወጣጥ አስተማረን። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለመቶ ስድሳ ሁለት ማካፈል ነው፤ የሚወጣው የአንድ ሜትር ክብደት ነው። ባለ አሥራ ስድስቱ በሜትር አንድ ኪሎ ከአምስት መቶ ሰማንያ ግራም፣ ባለ ስምንቱ አራት መቶ ግራም ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከዚያ ስታፋውን ሳለልን። ኮለኑ ሠላሳ በሠላሳ ከሆነ፣ በየጎኑ ለአርማታው ሽፋን ሁለት ሴንቲ ተኩል ሲቀነስ ስታፋው በየጎኑ ሃያ አምስት ይሆናል፤ ዙሪያው አንድ ሜትር። «ይኸው አለቀ የሚል ሞኝ አለ» አለ መምህሩ። «መንጠቆውስ? ሁለቱ ጫፎች ቋሚውን ዞረው ወደ ኮለኑ ልብ ካልታጠፉ ጭነት ሲመጣ ስታፋው ይከፈታል። አሥር በዚህ፣ አሥር በዚያ ጨምሩበት።»

የጤና ጣቢያው ኮለንም ሠላሳ በሠላሳ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ማባዛት ጀመርኩ። ሃያ ሴንቲ በሃያ አንድ ስታፋ አራት ሜትር ከሃያ። በሃያ ኮለን ሰማንያ አራት ሜትር። አንዱ ፌሮ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ሰባት ፌሮ ሆነ። የኔ ሚስማር መንጠቆውን ታውቅ ነበር፣ የእሱ ወረቀት አላወቀም። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁና መንገድ ላይ ቆሜ ረገምኩት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ባለፈው ዓመት ብልባላ ላይ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ፌራዮ ሲፈለግ ፎርማኑ እሱ መሆኑን ሰምቼ ሄድኩ። አወቀኝ። «ዛሬስ እጅህን ሰብስበሃል?» ብሎ ሳቀና የመቁረጫ ወረቀቱን ሰጠኝ። የኮለኑ ልክ የድሮው ነው። የስታፋው ርዝመት አንድ ሜትር ይላል፤ ከሥሩ የሱ ፊርማ አለ። ከኔ በኋላ ስንቱን ፌራዮ ሌባ አድርጎ ይሆን?

ጎን ወስጄ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ግን የዚያን ሳምንት ከልቤ ጸለይኩ፣ ወረቀቱን እንዳያርመው። ከአንድ እስር ፌሮ ሁለት የኮለን ቀፎ፣ ቋሚውንና ስታፋውን አንድ ላይ አስሬ፣ ሠራሁ። አንዱን በወረቀቱ፣ አንዱን በሚስማሬ። ከዚያ ከገበያው የእህል ነጋዴ ባስኩላ ሚዛን ለምኜ በአህያ አስመጣሁ። ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ የምትመጣበትን ቀን ጠብቄ ያኔ ያማሉኝን ሽማግሌዎችም ጠራሁ። የሕንፃው ኮሚቴ እነሱው ነበሩ። ሽማግሌ በስሌት ላያምን ይችላል፣ በሚዛን ግን ያምናል።

በወረቀቱ የተሠራው ቀፎ ከማሰሪያ ሽቦው ጋር ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ መዘነ። የኔው ስድሳ አንድ። መሐንዲሷ የመጀመሪያውን ስታፋ በሁለት እጇ ስትስበው ሽቦው ተበጠሰና ማዕዘኑ ላይ ተከፈተ።

«ይህን ማን አዘዘ?» አለች።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ፊርማውን አየችና ወደ ፎርማኑ ዞረች።

«አባቶች፣» አልኳቸው ሽማግሌዎቹን፣ «በነዚህ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ያለው ልዩነት የመንጠቆው ብረት ነው። በጤና ጣቢያው ሃያ ኮለን ሲባዛ ሰባት ፌሮ ይሆናል። ያኔ ያማላችሁኝ በዚህ ነው። ሰባቱ ፌሮ ዛሬም ጤና ጣቢያው ኮለን ውስጥ አለ።»

አንደኛው፣ አይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ ሁለቱንም ስታፋ በጣታቸው ዳሰሱ። «እንዲያ ከሆነ በድለንሃል» አሉኝ።

ፎርማኑ በገንዘብ ሊክሰኝ ፈለገ፤ እንቢ አልኩ። እኔ በማልኩበት ደጅ፣ እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ቆሞ እንዲናገር ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ አዘዙት። ቆሞም «ሰውየው አልሰረቀም፤ ያሰላሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አነስ ሲልበት «ከኋላ አይሰማም» ብዬ ደግሞ አስባልኩት። ደስ አለኝ። ሰው በጠላቱ ውርደት እንደዚያ ደስ እንደሚለው ቀድሞ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

አባቴ ስላረጀ ከቤት አይወጣም። እየሮጥኩ ሄጄ ከመደቡ አጠገብ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ መንጠቆውን፣ ባስኩላውን፣ የሰውየውን ንግግር። እጄን ያዘ።

«አልሰረቅህም ነበር?» አለኝ።

«አልሰረቅሁም አባባ። ምዬልህ የለም?»

«ምለህልኝ ነበር» አለ። «እኔ ግን በሐሰት የማልክ መስሎኝ ለነፍስ አባቴ ነገርኩ። መቅሰፍቱ አንተን እንዳያገኝ ኃጢአቱን በኔ ላይ አድርጉልኝ አልኳቸው። ለንስሐ ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ስሰግድልህ ኖርኩ፣ ልጄ።»

ፎርማኑን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያቆምኩት ስሜን ሊመልስልኝ ነበር። ያን ቀን ማታ የአባቴን ጉልበት በቅቤ ሳሽለት አመሸሁ።