ማሽኑ ዘጠና ዘጠኝ ሲል

ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ሙዚቃ አጫውታለሁ። የቀረውን ሳምንት ባሕር ዳር በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ማሽን ያለኝን ማመን የሥራ ጠባዬ ሆኗል። ሰው ሲያርመኝ ቶሎ እናደዳለሁ፤ ኮምፒውተር ሲያርመኝ ግን ዝም እላለሁ። ይህ ጠባዬ በታናሽ እህቴ የቀለበት ዕለት አዋረደኝ።

ቀለበቱ ከባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ባለው ቤታችን ግቢ፣ ድንኳን ተጥሎ ነበር። የሙሽራው እናት ከወልቂጤ ድረስ መጥተዋል። ከእናቴ ጋር ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም፤ ምሳው እስኪያልቅ የተነጋገሩት ስለ መንገዱና ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። ምሳው ሲነሣ አንድ የቆየ የጎጃም ዘፈን ለቀቅኩ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተነሣች፤ ትንሽ ትከሻዋን ከሰበቀች በኋላ እጇን ወደ ሴትዮዋ ዘረጋች። እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው ተነሡ። እህቴ ክንዴን ቆንጥጣ "አሁን የእሳቸውን አስገባ" አለችኝ።

የእሳቸው ማለት ጉራጊኛው ነው። ላፕቶፑ ለጎጃሙ ዘፈን በደቂቃ ዘጠና ዘጠኝ ምት፣ ለጉራጊኛው መቶ ሠላሳ አራት ምት ሰጥቶታል። ሁለት ዘፈን ሳይቆራረጥ እንዲያያዝ ምታቸው እኩል መሆን አለበት። ለዚህ ሲንክ የሚባል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ማሽኑ የሚገባውን ዘፈን ፍጥነት ከሚጫወተው ጋር ራሱ ያስተካክላል። ተጫንኩት። ጉራጊኛው ከመቶ ሠላሳ አራት ወደ ዘጠና ዘጠኝ ወርዶ፣ ዘፋኙ ገና ከእንቅልፉ እንደተነሣ ሰው እየተጎተተ ገባ። ሁለቱ ከበሮዎች ተጋጩ፤ የጎጃሙ አራት ሲመታ የጉራጌው ሦስት ይመታል። የሙሽራው እናት አንድ እግራቸውን አንሥተው ምቱን ጠበቁ። ምቱ አልመጣም። ከወዲያ ማዶ ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም እግራቸውን አውርደው፣ ፈገግ ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እናቴ እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ቆማ እሷም ተቀመጠች።

እንግዳው ሲሸኝ እህቴ አጠገቤ መጣች።

"ወንድም ጋሼ፣ የሰው እናት መሳቂያ አደረግኸብኝ" አለች። "ሊግባቡ ነበርኮ። ሰርጉ ላይ ሁለቱን ባንድ ላይ ሲጨፍሩ ካላየሁ አልረሳልህም።"

እኔም ለስድስት ሳምንት ያህል ሌላ ነገር አላሰብኩም። መጀመሪያ ጥፋቱን በላፕቶፑ ላይ ላላክክ ሞከርኩ። ሌላ ፕሮግራም ጫንኩ፤ እሱም ዘጠና ዘጠኝ አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሁለት ማሽን መስክሮልኛል፤ የማይገናኙት ዘፈኖቹ ናቸው እንጂ እኔ ምን ላድርግ አልኩ።

አንድ እሁድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያንኑ የጎጃም ዘፈን ስሰማ፣ እናቴ አጠገቤ ምስር ትለቅም ነበር። ዘፈኑ መሐል ሲደርስ ሰፌዱን አስቀምጣ ማጨብጨብ ጀመረች። እጇን አየሁ፤ ስክሪኑን አየሁ። እጇና ስክሪኑ ፈጽሞ አይተዋወቁም። ስልኬን አውጥቼ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ቆጠርኩ። ስድሳ ስድስት ጊዜ አጨበጨበች።

"ምንድን ነው የምትቆጥር?" አለችኝ።

"ጭብጨባሽን።"

"ደግሞ ጭብጨባም ይቆጠር ጀመር?" ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በሠላሳ ሴኮንድ ስድሳ ስድስት፣ በደቂቃ መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ዘፈን ውስጥ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ትንንሽ ምቶች ይከፈላል። ማሽኑ የለመደው ግን ለሁለትና ለአራት የሚከፈለውን ነው፤ ትንንሾቹን ምቶች አራት አራት እያደረገ አስሮ፣ ከመቶ ሠላሳ ሁለቱ ሦስት አራተኛው፣ ዘጠና ዘጠኙ ብቻ ደረሰው። ምስር ለቃሚዋ እናቴ ያወቀችውን እኔ ባለ ሁለት ፕሮግራሙ ሳላውቅ ስንት ሰርግ እንዳጫወትኩ ሳስበው አፈርኩ።

ወዲያው ለሙሽራው መልእክት ላክሁለት፤ እናቱ በዚያው ጉራጊኛ ዘፈን ሲያጨበጭቡ በስልክ ቀርጾ እንዲልክልኝ። ምክንያቱን ሳይጠይቅ ለእህቱ ነግሮ አስቀረጸልኝ። ቪዲዮው የደረሰኝ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። እሳቸው ወልቂጤ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። ቆጠርኩ፤ በሠላሳ ሴኮንድ ስድሳ ሰባት። መቶ ሠላሳ ሁለትና መቶ ሠላሳ አራት። ማሽኑ አራርቆ ያስቀመጣቸው ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ነበሩ። ብቻዬን ስስቅ ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አየኝ።

ሥራው ግን በዚህ አላለቀም። የጎጃሙ ዘፈን የተቀዳው በሰው እጅ በተመታ ከበሮ ነው፤ መቺው እየሞቀው ሲሄድ ፍጥነቱም አብሮት ይጨምራል። በመቶ ሃያ ስምንት ይጀምርና መጨረሻው ላይ መቶ ሠላሳ አራት ይጠጋል። አንድ ቁጥር ጽፌለት ሲንክ ብጫን እንደገና ያዋርደኛል። ስለዚህ ቁልፉን ተውኩት። ሰውየው የሞቀው ጊዜ ላይ፣ ማለትም መጨረሻው ላይ፣ ጉራጊኛውን በጆሮዬና በጣቴ ላያይዘው ወሰንኩ። ረጅም ጊዜ ደርበው እንዲጫወቱም አይሆንም። የመረጥኩት ጉራጊኛ ምቱ ለሁለት ነው የሚከፈለው፤ ሁለቱ ከበሮዎች ሲቆዩ ውስጣቸው ይጨቃጨቃል። ከሥራ ስመለስ በየቀኑ ተለማመድኩ፤ ጎረቤት ያንን ዘፈን ሳይጠላው አልቀረም።

ሰርጉ ጣና ዳር ባለ የአትክልት ቦታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል፤ ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ እጃቸውን ያወዛውዙልናል። የጎጃሙን ዘፈን ለቀቅኩ። እናቴ ተነሣች፤ እጇን ዘረጋች። የሙሽራው እናት ትንሽ አመነቱ፤ አይፈረድባቸውም። ከዚያ ተነሡ። እናቴ ትከሻ ትመታለች፤ እሳቸው በትሕትና እያጨበጨቡ ይከተላሉ።

በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫው ውስጥ ጉራጊኛው ብቻውን ይጫወታል፤ ሌላው ጆሮዬ ሜዳውን ይሰማል። የሚገባው ዘፈን ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቷል። ዘፈኑን የሚያፈጥነውንና የሚያዘገየውን የማጫወቻዬን ክብ መዘውር በጣቴ ገፋ አደረግኩት፤ አለፈ፤ ነካ አድርጌ መለስኩት፤ ሁለቱ ምቶች አንድ ላይ ወረዱ። በጎጃሙ ዘፈን ውስጥ ተቀባዮቹ ሲመልሱ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ቀነስኩ፤ ጭብጨባና ድምፃቸው ብቻ ቀረ። በእነሱ ጭብጨባ ላይ ጉራጊኛውን ከፈትኩት።

የሙሽራው እናት እግር ሲነሣ አየሁ። ተነሥቶ አልቀረም፤ በሰዓቱ መሬት ነካ፤ ሌላኛው ተከተለ። የእናቴ ትከሻ አልቆመም። ትንሽ ቆይታ ወደ ታች ወደ ሴትዮዋ እግር አየችና እሷም እግሯን ማንሣት ጀመረች፤ ሲያቅታት ትስቃለች፣ ስትስቅ እሳቸውም ይስቃሉ። ከወልቂጤ የመጡትም ከመራዊ የመጡት የእኛም ዘመዶች ገቡ። እህቴ በቬሎዋ ቆማ ታለቅሳለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔም አለቀስኩ፤ ደግነቱ ዲጄን ማንም አያይም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይዞኝ፤ ከጉራጊኛው መልሼ ጎጃም፣ ከጎጃሙ ሌላ ጉራጊኛ፣ እያያያዝኩ አስኬድኩት። እናቴ በስንተኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጠቅልሎ፣ እያለከለከች የሙሽራውን እናት እየጎተተች ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

"አንተ ልጅ፣ ምናለ አንዴ ብታቆም?" አለችኝ ተቆጥታ። "እንቀመጥ ብንል መቀመጫ ጊዜ እኮ አሳጣኸን።"

የሙሽራው እናት እጇን አለቀቁም። "ተዪው" አሏት፤ "ውኃ ጠጥተን እንመለሳለን።"