በገመድ የተፈተነ ባትሪ

መነጽር ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ከተረሳ ቆይቷል። ግንባሯ ላይ የምታስረውን ማጉያ መነጽር አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ሳታወልቅ ስለምትሄድ አንድ ተረበኛ በዚያው ጠራት፤ እሷም ሳታስበው "አቤት" አለች፤ ነገሩ በዚያው ጸና። ሱቋ ቁም ሣጥን ታክላለች። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ጥግ ላይ አሸዋ የሞላበት ባልዲ፣ በመስተዋት ሣጥኗ ውስጥ ደግሞ አድሳ የምትሸጣቸው ስልኮች አሉ። ሟቹ ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። መበየጃውን ከእሱ ወረሰች፤ ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ ወደ ስልክ ዞረች። እጇ ላይ ነፍስ የማይዘራ ስልክ የለም ይባላል። ይህን የምትለው ግን በአብዛኛው ራሷ ናት።

ከመንገዱ ማዶ አዳዲስ ስልክ የሚሸጥ ሰው አለ። መነጽር "ካርቶን" ብላዋለች። "ካርቶኑ ነው የሚያምረው፤ ውስጡን ክፈቱትማ!" ትላለች ለሚሰማትም ለማይሰማትም። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ይስቃል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ አፍ ግን ካመለጠ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

ረቡዕ ዕለት የጎረቤቷ ልጅ መጣች። ልጅቷ የነርስነት ተማሪ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ዳቦ ቤት ዳቦ እያሸገች ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ገንዘብ ለአንድ ስልክ ብቻ ይበቃል። አሮጌው ስልኳ ከቻርጀር ከተነቀለ ሩብ ሰዓት አይቆይም። እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የማጠቃለያ ፈተናዋን ቤቷ ሆና በስልክ ትፈተናለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካሜራው ፊቷን ማየት አለበት፤ ካሜራው ከተቋረጠ ፈተናው ይዘጋል፣ አይከፈትም። ለኩረጃ እንዳያመች ተብሎም ስልኩ ላይ ምንም ዓይነት ገመድ መሰካት ክልክል ነው። ልጅቷ የምትማረው በነጻ ዕድል ነው። አንድ ዓመት ከደገመች ዕድሉ ይነጠቃል፤ የሚከፍልላት ሰው ደግሞ የለም።

"እትዬ፣ ማዶ ያለውን አዲሱን ልግዛ ወይስ ከእርስዎ የታደሰውን?" አለች። ዋጋቸው እኩል ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ምን ጥያቄ አለው! የእሱ ሦስት ጊጋ ራም ነው፤ አንዱን ገጽ ከፍቶ ሌላውን እስኪያመጣ እንቅልፍ ይወስድሻል። የኔው ስምንት ጊጋ ነው፤ ካሜራውም ብርሃን አይለምንም። በዘመኑ ውድ ስልክ ነበር።"

"ባትሪውስ? ያስጨነቀኝ እሱ ነው።"

"አዲስ ባትሪ ነው ያስገባሁበት። በገዛ እጄ። ፈትኜዋለሁ።"

ልጅቷ አመነች። ማን አያምናትም?

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች የሙከራ ፈተና ከፈተ። ልጅቷ ሙከራውን ከመነጽር ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀመረች። ገጾቹ ይበራሉ፣ ካሜራው ፊቷን ጥርት አድርጎ ያሳያል። መነጽር በኩራት ወደ ማዶ አየች። ሃምሳ አምስት ደቂቃ እንዳለፈ ባትሪው ሠላሳ ስምንት በመቶ እያለ ስልኩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

መነጽር አበራችው፤ ሠላሳ ስድስት በመቶ አለ። ካሜራው ሲከፈት እንደገና ጠፋ።

"እትዬ?"

"ቆይ። ቆይ እስቲ።"

ጀርባውን ፈታ የቮልት መለኪያዋን ሁለት ጫፍ ባትሪው ላይ አሳረፈች። ስልኩ ሥራ ሲፈታ ቮልቱ ደህና ነበር። ካሜራውንና ኢንተርኔቱን አንድ ላይ ስታበራ ግን ቁጥሩ ቁልቁል ተወረወረና ስልኩ ራሱን አጠፋ። እንዲህ ያለው ባትሪ በመቶኛው ሙሉ ይመስላል እንጂ ሥራ ሲበዛበት ጉልበት የለውም፤ ዕድሜውን ሌላ ቦታ ጨርሶ አዲስ ልብስ የለበሰ ባትሪ ነው። ባትሪዎቹን ከገዛችበት ከረጢት ሌላ አወጣች፣ ያው ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል።

መነጽር ክው አለች። ስህተቷ ወለል ብሎ ታያት። ጠጋኝ የሚፈትነውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ካለው የኃይል ሳጥን በቀይና በጥቁር ገመድ አገናኝቶ ነው የሚፈትነው። ይህ ለስልኩ የውስጥ ሰሌዳ ጥሩ ነው፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ኔትወርኩን ሁሉ ያሳያል። እሷም በዚሁ ሳጥን ሁሉን ፈትና በመጨረሻ ባትሪውን አስገባች፣ መቶ በመቶ ሲል አየች፣ ዘጋችው። ባትሪውን ያለ ገመድ አንድ ቀን አሠርታው አታውቅም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው የሠራችው።

"ምን ሆነ?" አለች ልጅቷ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

መዋሸት ይቻል ነበር። ኔትወርኩ ነው፣ ነገ ይስተካከላል ማለት ይቻል ነበር። መነጽር መለኪያውን አስቀመጠች።

"ባትሪውን አልፈተንኩትም" አለች። "ፈትኜዋለሁ ያልኩሽ ስልኩን ነው። ባትሪውን አይደለም።"

ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ "ፈተናው እኮ ነገ ነው" አለች ብቻ።

ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆኗል። መነጽር የራሷን ስልክ ከኪሷ አወጣች፤ ያው ሞዴል ነው፣ ባትሪውም ከስድስት ወር በፊት የገባ እውነተኛ ባትሪ ነው። ባትሪውን አውጥታ በልጅቷ ስልክ ውስጥ ልታስገባው ቆረጠች። የራሷን ስልክ እንዳለ መስጠት አይቻልም ነበር፤ ካሜራው ከተሰበረ ዓመት ሆኖታል። የራሷን ነገር መቼም አትጠግንም።

ባትሪው በኃይለኛ ማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር። ጀርባውን አሞቀች፣ አልኮል ጠብ ጠብ አድርጋ ፕላስቲክ ካርድ ሰደደችበት። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ባትሪ ከታጠፈ ወይም ከተቀደደ እሳት ነው። በሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሰዓት ትፈጅበት ነበር። አሁን የልጅቷ ትንፋሽ ጆሮዋ ሥር ይሰማታል፤ ማዶ ያለው ሱቅ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካርዱን ገፋችው። አልሄደም። ትንሽ ጠንከር አድርጋ ገፋችው።

ከባትሪው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ መጣ።

"ውጪ! ውጪ ውጪ!" ብላ ልጅቷን በአንድ እጇ ገፍታ በሌላው ስልኩን እንዳለ አሸዋው ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ባልዲውን ጎትታ መንገዱ ዳር አደረሰችው። ጭሱ ነጭ ሆኖ ተነሣ፣ ከዚያ አሸዋው ዋጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እሷ የምትለቅመው እንኳ አልተረፋትም።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። መነጽር ግንባሯ ላይ ያለውን መነጽር አወለቀች። ሰው ፊት ስታወልቀው መንደሩ አይቶ አያውቅም።

"ነይ" አለች። መሳቢያዋን ከፍታ ልጅቷ ረቡዕ የሰጠቻትን ገንዘብ ሙሉውን አወጣችና መንገዱን አብረው ተሻገሩ።

ካርቶን ባልዲውንም ጭሱንም አይቷል። ሁለቱን ሲያይ ፈገግ ብሎ "እትዬ መነጽር! ካርቶን ሊገዙ መጡ?" አለ። የልጅቷን ፊት ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ካርቶን ልገዛ መጣሁ" አለች መነጽር። "ስቀህ ከጨረስክ የማሳያውን ስልክ አውርድልኝ። ከመግዛታችን በፊት የሙከራ ፈተናውን ትሞክርበት።"

ካርቶን አልሳቀም። ማሳያውን አወረደና ራሱ ኢንተርኔት ከፈተላት። የሙከራ ፈተናው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሙከራ ስለሆነ ገጹ ዳግመኛ ተከፈተ፤ ካሜራው ትንሽ ደብዛዛ ቢሆንም አልተቋረጠም። አዲስ ጥያቄ በተጫነ ቁጥር ግን ነጩ ገጽ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። መነጽር ሰከንዱን ቆጠረች፤ ወደ አሥር ይጠጋል።

"ስድሳ ጥያቄ ነው" አለች ልጅቷ። "አሥር ደቂቃ በመጠበቅ ብቻ ይሄዳል።"

"ባትሪው ትልቅ ነው፣ አምስት ሺህ ሚሊአምፔር፤ ገና ያልተነካ" አለ ካርቶን ቀስ ብሎ። "ስለ ፍጥነቱ ግን አልዋሽሽም፣ እህቴ። እትዬ የሚሉት እውነት ነው።"

መነጽር ምክር ልትሰጥ ከንፈሯን አንቀሳቀሰችና ተወችው። ልጅቷ ሁለቱንም አላየቻቸውም። ክቧን እያየች፣ "አሥር ደቂቃ ቀድሜ መሮጥ እችላለሁ" አለች። "በጠፋ ስልክ ላይ ግን መሮጥ አልችልም። ይሄን ስጡኝ።"

ፕላስቲኩ ተቀደደ። መነጽር ስልኩን እዚያው የካርቶን ጠረጴዛ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ከፋብሪካ አብረው የመጡትን የማያስፈልጉ መተግበሪያዎች አጠፋች፣ በራሱ የሚጫነውን ሁሉ ዘጋች፣ የሚቻለውን ያህል አቀለለችው። ካርቶን ቻርጀር ላይ ሰካላቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለቱ ያለ ተረብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

እሁድ ጠዋት በነልጅቷ ሰፈር መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፋ። መነጽር ሱቋን አልከፈተችም፤ ከሱቋ በር ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የምትደውልበት ስልኳ ከነሲሙ ተቃጥሏል። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት። ካርቶን ውኃ አመጣላት፤ አልጠጣችም። "አሁን ስንት ደርሳ ይሆን?" ትለዋለች፤ "ይደርሳል እትዬ፣ ባትሪው ይደርሳል" ይላታል። አሥር ዓመት ሙሉ ስታጥላላው የኖረችውን ሰው ቃል አሁን ሙጭጭ ብላ ይዛለች።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ልጅቷ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። አልሮጠችም። መነጽር ተነሣች።

"አልጠፋም" አለች ልጅቷ። "ሰባ አንድ በመቶ ቀርቶታል።"

"ጨረስሽ?"

"ሃምሳ ስምንት መለስኩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ገጽ ሳይከፈት ሰዓቱ አለቀ።"

መነጽር እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች አስባ አስባ መሸከም አቃታት። በትክክል አማክራት ቢሆን ኖሮ ልጅቷ አዲሱን ረቡዕ ትገዛው ነበር፤ ሦስት ቀን ተለማምዳበት ዝግታውን ታውቀው ነበር።

"ሁለቱን የጣልኩት እኔ ነኝ" አለች። "አንቺ አይደለሽም። ውጤቱ ሲመጣ የጎደለው የኔ መሆኑን እወቂ።"

ልጅቷ አጠገቧ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋን ወደ ትከሻዋ አስጠጋች።

"እትዬ" አለች፣ "እነሱ ቢከፈቱልኝም የማውቃቸው እንዳይመስልዎት።"

መነጽር ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ባሏን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛ እያየ፣ ካርቶን እያየ፣ አለቀሰች።