በእግረ መንገድ የተባለችው ዓረፍተ ነገር

ቢሮ ውስጥ «ወንፊት» ነው የምንላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የበላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔዎች እያነበበች፣ የሥር ዳኞችን የሚያስገድደውን ፍሬ ነገር ለይታ በአንድ ገጽ ታጠቃልላለች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እተይባለሁ። ሰው አይደለች፣ አንድ ቀን ገለባም አሳለፈች።

ማክሰኞ ጠዋት ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ኮሪደር ላይ አንድ ጠበቃ የሷን ማጠቃለያ በቀይ አስምሮበት ይዞ አይታለች። ጠበቃው የፋብሪካ ነው፤ ተከራካሪዋ ደግሞ ፋብሪካው ያባረራት አንዲት ጽዳት ሠራተኛ። ሴትዮዋ ታማ ስትቀር ለአለቃዋ በስልክ ተናግራ ነበር፤ የሐኪም ወረቀት ስላላመጣች አባረሯት። ፍርዱ የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ማጠቃለያው የተወሰደበትን የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አወጣን። እዚያ የተከራከረው ሠራተኛ ወረቀቱን በጊዜው አቅርቧል፤ ፍርድ ቤቱም «የሐኪም ወረቀት ያቀረበ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ቀረ ተብሎ አይሰናበትም» ብሎ ወሰነ። ወረድ ብሎ «በስልክ ብቻ አሳውቆ ቢሆን ኖሮ በቂ አይሆንም ነበር» ይላል። ወንፊት ይቺን ዓረፍተ ነገር በጣቷ ሸፈነቻት።

«አሁን አንብቢው። ውሳኔው ይቆማል?»

«ይቆማል እንጂ! እዚህ መዝገብ ውስጥ ስልክ የደወለ ሰው መቼ ነበረና?»

«እኔ እኮ "አስገዳጅ" በሚለው ሥር ነው የጻፍኳት።» የተየብኳት እኔ ነኝና እኔም አፈርኩ።

«ሮጠሽ ለዳኛዋ ንገሪያቸዋ!» አልኳት።

«አብደሻል? ተከራካሪዎቹ በሌሉበት ዳኛ ጆሮ ላይ አይሾከሾክም።»

ማረሚያ ጻፈች። አለቃችን ግንባሩን ቋጠረ፦ «ዕድገትሽ በዚህ ሳምንት ነው የሚወሰነው። ስምሽን ምን አስገባው?»

«ስህተቱ ላይ አለ አይደል?» አለችና ፈረመች።

ለሁሉም ችሎቶች፣ ግልባጩም ለሁለቱም ወገን እንዲደርስ ተየብኩት። ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቷል! እግዜር ይይለት፣ ስምንት ተኩል ላይ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ።

አስመትተን አደረስንና ችሎት ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳኛዋ ማረሚያውን ጮክ ብለው አነበቡ። ጠበቃው ተነስቶ «የበላይ ፍርድ ቤቱ ቃል እኮ ነው» አለ።

«ቃሉማ ነው። ግን ባልቀረበለት ጉዳይ ላይ በእግረ መንገድ የተናገረው ነው። ሊያሳምነኝ ይችላል እንጂ አያስገድደኝም» አሉ። ወንፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቢያሳምናቸውስ?» አለችኝ። ዳኛዋ የጽዳት ሠራተኛዋን አለቃ ምስክርነት አነሱ፤ ስልኩን አንስቶ «እሺ፣ ይማርሽ» ማለቱን አምኗል። እሺ ካለ በኋላ ማሰናበቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ አሉ።

ኮሪደር ላይ ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች ወደኛ መጣች። «እናንተ የዚሁ ቤት ሰዎች ናችሁ? ጠበቃው ባለፈው ቀጠሮ ያመጣብኝን ያንን ማጠቃለያ የጻፈው ማነው? እጁ ይድረቅ ብዬ ስረግመው ነው የሰነበትኩት።»

እኔ ወደ ጣሪያ አየሁ። ወንፊት ግን «እኔ ነኝ፣ እህቴ» አለቻት።

ሴትዮዋ እጇን ትኩር ብላ አየችው። «በይ እርግማኔን አንስቻለሁ» አለች። «ግን ሁለተኛ ስትጽፊ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እንደምጠብቅ አስቢ።»